ዐድዋን ሰኞ ያደረገው ኮድ፦ የአራት ምሽት ማስታወሻ

ወዳጆቼ፣ እስቲ ከአንድ ቀላል ጥያቄ እንነሳ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ አንጎለላ ላይ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ነው። የፈረንጅ መጻሕፍት ይህንኑ ቀን ኦገስት 17 ቀን 1844 ብለው ይጽፉታል። አሁን ስልካችሁን አውጡና የዘንድሮው ነሐሴ 12 በፈረንጅ ስንት ላይ እንደሚውል እዩ። ኦገስት 18 ነው። የከርሞውንም ብታዩ ኦገስት 18 ነው። ታዲያ የአንድ ቀን ልዩነት ከየት መጣ? መጻሕፍቱ ተሳስተው ነው ወይስ ስልኩ?

መልሱ ሁለቱም ልክ ናቸው የሚል ነው። ይህን መልስ ለማግኘት ግን እኔና አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደብረ ብርሃን ላይ አራት ምሽት ፈጅተናል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ምሽት መካከል ደግሞ የአሥር ቀን እረፍት ነበር። ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለግሁት መልሱን ብቻ አይደለም። መልሱ እንዴት እንደተገኘ፣ በተለይም ማታ ማታ እየጻፍን ያቆየነው አንድ ተራ የማስታወሻ ፋይል እንዴት እንዳወጣን ነው። ታሪክ ለምትወዱም ኮድ ለምትጽፉም የሚሆን ነገር አለው፤ ትንሽ ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪዎች ወደ አንኮበር ለጉብኝት ሊሄዱ ነበር። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለጉዞው የሚሆን አንድ ትልቅ የቀናት ሰንጠረዥ እናዘጋጅ ተባለ፦ በግራ የእኛ አቆጣጠር፣ በቀኝ የፈረንጅ። ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ ሸዋን የሚነኩ አርባ ያህል ቀናት ሰበሰብን። ከፊሎቹ በእኛ አቆጣጠር ብቻ፣ ከፊሎቹ በፈረንጅ ብቻ ተጽፈው ነው የተገኙት። ስለዚህ የጎደለውን የሚሞላልን ፕሮግራም አስፈለገ። ልጁ ከዚህ በፊት ሲሠራበት የቆየ፣ ከሌላ ሰው የወረሰው አጭር የፓይተን ኮድ ነበረው። የዛሬን ቀን አንድም ጊዜ ስቶ አያውቅም። ኮዱ ይህን ያህል ነው፦

```
from datetime import date, timedelta

def to_greg(y, m, d):
    start = date(y + 7, 9, 12 if y % 4 == 0 else 11)
    return start + timedelta(days=30*(m-1) + d-1)
```

ኮድ ለማታነቡ በቃላት ልንገራችሁ። መጀመሪያ የዚያ ዓመት እንቁጣጣሽ በፈረንጅ መቼ እንደዋለ ይፈልጋል። ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ዓመቱ ለአራት ሲካፈል ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ግን፣ ማለትም ዘመነ ዮሐንስ ከሆነ፣ ሴፕቴምበር 12 ነው። ምክንያቱም ከዮሐንስ በፊት ያለው ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስለሚሆን ነው። ከዚያ በኋላ ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ ቀን ይቆጥራል፤ ወራቱ ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ ቆጠራው ቀላል ነው። ይህን ያነበበ ሰው ስህተት አያገኝበትም። ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው ነገር ነዋ!

ሰንጠረዡ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ግን በሁለቱም አቆጣጠር በመጽሐፍ የምናውቃቸውን ጥቂት ቀናት በኮዱ ውስጥ አሳለፍናቸው። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ኮዱ ማርች 2 ቀን 1896 ብሎ አወጣው። ያ ቀን ደግሞ ሰኞ ነው። ዐድዋ እሑድ እንደነበር፣ የጊዮርጊስም ዕለት እንደነበር የማያውቅ የለም። በፈረንጅ መጻሕፍት ሁሉ ማርች 1 ነው። እንዲያው ሰንጠረዡ ታትሞ ቢሆን ኖሮ አርባ ተማሪ ዐድዋን ሰኞ ዕለት አድርጎ ይመለስ ነበር።

የማስታወሻው ፋይል የተጀመረው በዚያች ሰዓት ነው። ስሙ `notes.md`፣ ከኮዱ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ። ያወጣነው ደንብ ትንሽ ነበር። ለያንዳንዱ ምሽት አራት ነገር ይጻፋል፦ ያየነው፣ የጠረጠርነው፣ የሞከርነውና ውጤቱ፣ በመጨረሻም ቀጥሎ የሚደረገው። የተጻፈ ነገር አይሰረዝም፤ ሐሳባችንን ብንቀይር እንኳ ከሥሩ ይጨመራል እንጂ የላይኛው አይነካም። የመጀመሪያው ምሽት እንዲህ ይነበባል፦

```
## ምሽት 1
አየን፦ ነሐሴ 12/1836 -> 1844-08-18 (መጽሐፍ 08-17)
      የካቲት 23/1888 -> 1896-03-02 (መጽሐፍ 03-01)
ጠረጠርን፦ ሁለቱም ዘመነ ዮሐንስ። የ12ቷ ደንብ ትሆን?
ሞከርን፦ 12ን አውጥተን ሁልጊዜ 11 አደረግን።
ውጤት፦ ሁለቱም ልክ መጡ። ግን መስከረም 1/2012
      2019-09-11 ሆነ (ትክክሉ 09-12)። ወድቋል። ኮዱ ተመለሰ።
ቀጥሎ፦ ከዘመነ ዮሐንስ ውጭ ያሉ የድሮ ቀናትን መሞከር
```

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። የመጀመሪያው ጥርጣሬ ሁለቱን ቀናት አስተካክሎ ነበር። ሰው በደከመው ምሽት “ተገኘ!” ብሎ ላፕቶፑን የሚዘጋው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ያዳነን ቀድሞ ልክ የነበረ አንድ የቅርብ ቀን አብረን መሞከራችን ነው። ማስታወሻው ላይ “ወድቋል” ብቻ ሳይሆን በምን እንደወደቀ መጻፉንም ልብ በሉ። ኋላ ላይ ለምን እንደሚጠቅም ታዩታላችሁ።

በሁለተኛው ምሽት የውጫሌን ውል ሞከርን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ሜይ 2 ቀን 1889። ኮዱ ሜይ 3 አለ። ይህ ዓመት ዘመነ ማቴዎስ እንጂ ዮሐንስ አይደለም። የምኒልክ ንግሥና እንጦጦ ላይ ጥቅምት 25 ቀን 1882፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1889 ነው፤ ኮዱ ኖቬምበር 4 አለ። ይህ ደግሞ ዘመነ ማርቆስ። እንግዲህ የዮሐንስ ጥርጣሬ በሁለት ምስክር ሞተ።

ልጁ በዚህ ጊዜ ሌላ ሐሳብ አመጣ። “ጋሼ፣ የሰዓት ጉዳይ ቢሆንስ? ኮምፒውተሩ በግሪንዊች ቆጥሮ እኛ ሦስት ሰዓት ስለምንቀድም ቀኑ እየተገፋ ቢሆንስ?” ሐሳቡ ሞኝነት የለበትም፤ ቀን በአንድ ሲዛነፍ ፕሮግራመር መጀመሪያ የሚጠረጥረው እሱን ነው። ግን ኮዱን ስናየው `date` እንጂ `datetime` አይጠቀምም። ሰዓት የሚባል ነገር ውስጡ የለም፤ የሌለ ነገር ደግሞ ቀን አይገፋም። ይህንንም ከነምክንያቱ ጻፍነው።

ከዚያ የቅርቦቹን አየን። የምኒልክ ዕረፍት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1913፦ ልክ። የሰገሌ ጦርነት፣ እዚሁ ሸዋችን ውስጥ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909፣ ኦክቶበር 27 ቀን 1916፦ ልክ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥና ጥቅምት 23 ቀን 1923፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1930፦ ልክ። መልኩ ብቅ ማለት ጀመረ፤ የድሮዎቹ ሁሉ በአንድ ቀን ይዘገያሉ፣ የቅርቦቹ ልክ ናቸው።

“ሁሉ” እንዳንል ግን አንድ ቀን አስቸገረን። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልደት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ነው፤ መጻሕፍት ጁላይ 23 ቀን 1892 ይላሉ። ኮዱም ጁላይ 23 አለ። የድሮ ቀን ነው፣ ከዐድዋ በአራት ዓመት ይቀድማል፣ ግን ልክ ሆኖ አለፈ! ስለዚህ “የድሮዎቹ ሁሉ” የሚለው ሐሳብም በአንድ ተቃዋሚ ምስክር ተንጠለጠለ። መሸ፣ የፈተና እርማትም ተከመረብኝ። የምሽቱ የመጨረሻ መስመር እንዲህ ነበር፦

```
ቀጥሎ፦ (1) ሁሉንም በዓመት ቅደም ተከተል መደርደር፤
      መዛነፉ የሚያቆመው የት ነው?
      (2) ሐምሌ 16/1884 ለምን ብቻውን ልክ ሆነ?
      (3) ለየቀኑ "ምንጭ" የሚል ዓምድ ይጨመር፦ የፈረንጁን
      ቀን ማን ጻፈው?
```

አሥር ቀን አለፈ።

እዚህ ላይ ወደ ታሪኩ ትንሽ ልግባ፤ የታሪክ ሰው ነኝና ዝም ብዬ አላልፍም። ማሽን ስህተቱ ለቀናት ሲፈለግ እየጻፉ መያዝ ከኮምፒውተር ጋር አብሮ የተወለደ ልማድ ነው። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማርክ ሁለት የሚባለው ማሽን የሥራ መዝገብ ነበረው፤ በየሰዓቱ ምን እንደተሞከረና ምን እንደወደቀ በእጅ ይጻፍበት ነበር። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 ከሰዓት በኋላ ከአንድ ሪሌይ ውስጥ የእሳት ራት ሞታ ተገኘች፤ ሠራተኞቹ በማጣበቂያ መዝገቡ ላይ ለጠፏት። ግሬስ ሆፐር የዚያ ቡድን አባል ነበረች። ሰው የሚያስታውሰው ራቷን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን የሪሌዩ ቁጥር 70 እንደነበር፣ የትኛው ሰሌዳ ላይ እንደነበረና ሰዓቱ ስንት እንደነበር ዛሬም መታወቁ ነው። ያ የሆነው ከራቷ ሳይሆን ከመዝገቡ የተነሳ ነው።

ዶናልድ ክኑዝ የሚባለው ሊቅ ደግሞ `TeX` የተባለውን የመጽሐፍ ማቀነባበሪያ ፕሮግራም ሲሠራ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያገኘውን ስህተት በሙሉ በተራ መዘገበ፤ በ1989 መዝገቡን ከትንታኔ ጋር አሳተመው። እያንዳንዱን ስህተት በዓይነቱ በፊደል ለይቶታል። ስህተቶቹ ጎን ለጎን ሲደረደሩ አንዱ ብቻውን የማይናገረውን አብረው ይናገራሉ። የእኛም የሦስተኛው ምሽት ሥራ ይኸው ነበር።

በሦስተኛው ምሽት ፋይሉን ከፈትን። ልጁ ገና ሳይቀመጥ “ጋሼ፣ እኔ እኮ አሁንም የሰዓት ዞኑ ነገር ነው የሚመስለኝ” አለ። አሥር ቀን ሲቆይ ሰው ምን እንደጠረጠረ ያስታውሳል፤ ጥርጣሬው ለምን እንደተጣለ ግን ይረሳል። ፋይሉን አዙሬ አሳየሁት፦ “ሰዓት የለበትም፤ `date` ብቻ ነው።” አንዲት መስመር ናት፤ ግን አንድ ሙሉ ምሽት አተረፈችልን። “ተሞክሯል፣ አይደለም” ተብሎ ብቻ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ በምን ተሞከረ ብለን ከሀ እንጀምር ነበር።

ወደ “ቀጥሎ” መስመር ሄድን። መዛነፉ የሚያቆመው የት ነው? ቀናቱን ስንደረድር የመጨረሻው የተዛነፈው 1888፣ የመጀመሪያው ልክ የሆነው 1906 ነው። በመካከል አሥራ ስምንት ዓመት ጨለማ ነው፤ መጽሐፍ ፍለጋ ከመሄድ ኮዱን ራሱን መጠየቅ ይሻላል። እንዴት? ቀን ቢቆጠር ከጳጉሜን መጨረሻ ማግስት መስከረም 1 ነው፤ በፈረንጅም ልዩነታቸው አንድ ቀን መሆን አለበት። ይህን ለማረጋገጥ ምንም መጽሐፍ አያስፈልግም፦

```
for y in range(1800, 2018):
    last = 6 if y % 4 == 3 else 5
    a = to_greg(y, 13, last)
    b = to_greg(y + 1, 1, 1)
    if (b - a).days != 1:
        print(y, a, b)
```

ከሁለት መቶ በላይ ዓመታት ውስጥ የወጣው አንድ መስመር ብቻ ነው፦

```
1892 1900-09-11 1900-09-11
```

ኮዱ ጳጉሜን 5 ቀን 1892 እና መስከረም 1 ቀን 1893ን ሁለቱንም በሴፕቴምበር 11 ቀን 1900 ላይ አስቀምጧቸዋል። የአሮጌው ዓመት የመጨረሻ ቀንና እንቁጣጣሽ በአንድ ቀን ዋሉ! ዓመቱ አንዲት ቀን ጎድሎበታል። እ.ኤ.አ. 1900 የሚለውን ቁጥር ስናይ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተፈታ።

የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ፣ ያለ ምንም ልዩነት፣ ጳጉሜንን 6 ያደርጋል። አውሮፓውያንም ድሮ በዩልዮስ አቆጣጠር እንዲሁ ነበሩ። በ1582 እ.ኤ.አ. ግን ጳጳሱ ጎርጎርዮስ 13ኛ አቆጣጠሩን አስተካከሉ። አሥር ቀን ተዘለለ፤ ከዚያ ወዲያም መቶ የሚሞላ ዓመት ለ400 ካልተካፈለ በቀር ፌብሩዋሪ 29 አይኖረውም ተባለ። ስለዚህ 1700፣ 1800 እና 1900 ፌብሩዋሪ 29 አልነበራቸውም፤ 2000 ግን ነበረው። በእያንዳንዱ እንዲህ ባለ ዓመት የእኛና የእነሱ ርቀት በአንድ ቀን ይሰፋል። እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ላይ የሚውለው ከ1893 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት መቶ ዓመታት በሴፕቴምበር 10 ይውል ነበር፤ በዘመነ ዮሐንስ በ11። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ላይ እንቁጣጣሽን ሲያከብሩ አጠገባቸው የነበረ ፈረንጅ ቀን መቁጠሪያው ላይ የሚያነበው ቁጥር ዛሬ ከምናውቀው በአንድ ያነሰ ነበር ማለት ነው።

አሁን የኮዱ ጥፋት ግልጽ ነው። “ሴፕቴምበር 11 እና 12” የሚለው ሁላችንም በቃላችን የያዝነው ደንብ የዘላለም ደንብ አይደለም፤ ከ1893 ጀምሮ እስከ 2092 ዓ.ም. ድረስ ብቻ የሚሠራ የእኛ ዘመን ደንብ ነው። 2100 እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ስለማይኖረው የ2093 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል።

በአራተኛው ምሽት ማስተካከያው ተጻፈ። ቀላሉ መንገድ “ከ1893 በፊት ከሆነ አንድ ቀን ቀንስ” ማለት ነበር። ይህ ለአርባው ቀናችን ይበቃል፤ ግን 1800 እ.ኤ.አ.ን አልፎ ወደ ጎንደር ዘመን ለሚሄድ ሰው ያው ጥፋት በሌላ ቦታ ይጠብቀዋል። የተሻለው መንገድ የፈረንጁን እንቁጣጣሽ ከመገመት ይልቅ ቀናትን ከጥንቱ መቁጠር ነው። ፓይተን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለያንዳንዱ ቀን ተራ ቁጥር አለው። የእኛ መስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. በዚያ ቁጥር 2796ኛው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ዓመቱን በ365 እያባዙ፣ በየአራት ዓመቱ አንድ እየጨመሩ መሄድ ነው፦

```
def to_greg(y, m, d):
    n = 2796 + 365*(y-1) + y//4 + 30*(m-1) + d-1
    return date.fromordinal(n)
```

መቶ የሚሞሉትን ዓመታት ጣጣ ፓይተን ራሱ ይወጣዋል። በዚህ ኮድ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ኦገስት 17 ሆነ፤ ዐድዋ ማርች 1፣ እሑድ፤ ውጫሌ ሜይ 2፤ ንግሥናው ኖቬምበር 3። የቅርቦቹም ሁሉ እንደነበሩ ልክ ቀሩ፤ መስከረም 1 ቀን 2012ም ሴፕቴምበር 12 ነው። የጳጉሜንና የመስከረሙ ሙከራ ደግሞ ምንም መስመር አላወጣም።

የወደቀው አንድ ብቻ ነው፤ ሐምሌ 16 ቀን 1884። በአዲሱ ኮድ ጁላይ 22 ሆነ፤ መጻሕፍት ግን ጁላይ 23 ይላሉ። በተበላሸው ኮድ ልክ የነበረ በተስተካከለው ወደቀ!

ማስታወሻ ባይኖር ኖሮ እዚህ ላይ ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል። ወይ ማስተካከያውን ይጠራጠርና ያፈርሰዋል፣ ወይ ለዚያች ቀን ብቻ ልዩ መስመር ጽፎ ይሸፍናታል። እኛ ግን በሁለተኛው ምሽት “የፈረንጁን ቀን ማን ጻፈው?” የሚል ዓምድ እንዲጨመር ጽፈን ስለነበር ዓምዱን መሙላት ጀመርን። የዐድዋን ማርች 1 የጻፉት ጣሊያኖች ናቸው፤ በራሳቸው አቆጣጠር፣ በራሳቸው ወታደራዊ መዝገብ። ከእኛ የካቲት 23 ላይ አስልተው አይደለም። የውጫሌ ውልም ሁለት ወገን፣ ሁለት አቆጣጠር ያለው ሰነድ ነው። እነዚህ እውነተኛ ምስክሮች ናቸው፤ ሁለት ሰው ሳይነጋገር አንድ ነገር እንደተናገረ ቁጠሩት።

የልደት ቀን ግን እንዲህ አይደለም። በ1884 ኤጀርሳ ጎሮ ላይ ሕፃን ሲወለድ ቀኑ የሚያዘው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጁ ቀን ኋላ ላይ በስሌት የሚመጣ ነው። ጁላይ 23 ደግሞ ልክ በእኛ ዘመን ደንብ ሲሰላ የሚመጣው ቁጥር ነው፤ የዛሬ ሐምሌ 16 ሁልጊዜ ጁላይ 23 ላይ ይውላልና። ስለዚህ አሮጌው ኮድና መጽሐፉ የተስማሙት ሁለቱም በአንድ ደንብ ስለሚሄዱ ነው። ምስክር መስሎን የነበረው ቅጂ ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1884 ልክ ከሆነ በፈረንጅ ጁላይ 22 ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ሊቆሙ አይችሉም።

በነገራችን ላይ የምኒልክ ልደትም ያው ነው፤ የኦገስት 17ም ምንጩ ስሌት ነው፣ ልዩነቱ ያሰላው ሰው የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ደንብ ማወቁ ነው። ስለዚህ በምንጭ ዓምዳችን ላይ ሁለቱም ልደቶች “ስሌት”፣ ዐድዋና ውጫሌ ደግሞ “ምስክር” ተብለው ተጻፉ። ኮዱ ልክ መሆኑን የሚያረጋግጡት ምስክሮቹ ብቻ ናቸው።

ይህ ዓምድ ሌላም ነገር ሠራልን። ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር አንጎለላ ላይ የተፈራረሙት ውል በፈረንጅ ኖቬምበር 16 ቀን 1841 ነው። በሰንጠረዣችን ላይ የፈረንጁ ቀን ብቻ ነበረው፤ የእኛውን እንዲሞላ ለኮዱ የተተወ ነበር። አሮጌው ኮድ ቢሞላው ኅዳር 7 ቀን 1834 ይል ነበር፤ ትክክሉ ኅዳር 8 ነው። ይህን ስህተት ማንም አያገኘውም ነበር፤ የሚያስተያየው ሌላ ቀን የለማ! ዐድዋ ሲሳሳት እሑድን የሚያውቅ ሁሉ ይጮሃል፤ የአንጎለላ ውል ሲሳሳት የሚጮህ የለም። ኮድ ላይ አደገኛው ስህተት እንዲህ ያለው ነው፤ በሚታወቀው ቀን ተይዞ ካልታረመ በማይታወቀው ቀን ገብቶ ታሪክ ይሆናል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አባቶቻችን ቀን ሲጽፉ ዕለቱን፣ ቀኑን፣ ወሩንና ዘመነ ወንጌላዊውን አብረው ይጽፉ ነበር፦ “በዘመነ ዮሐንስ፣ የካቲት 23 ቀን፣ በዕለተ እሑድ” እንደማለት። ለዛሬ ሰው የቃላት ማብዛት ይመስላል። ግን ከእነዚህ አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ ያጋልጡታል። ዐድዋን ያዳናት ማርች 1 ብቻ አይደለም፤ እሑድ ናት። እኛም በአዲሱ ሰንጠረዥ ላይ ዕለቱን ጨምረናል፤ ከሁለቱ ቀናት ጎን ሰኞ፣ ማክሰኞ ተብሎ ይታተማል። ከእንግዲህ አንድ ቀን ቢዛነፍ ተማሪው ራሱ ይይዘዋል።

ለቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በተለይ ኮድ ለምትጽፉት፣ ከፋይሉ የወሰድኩትን በአጭሩ ልበል። “ቀጥሎ” የሚለውን መስመር ሳትጽፉ ላፕቶፕ አትዝጉ፤ ከአሥር ቀን በኋላ የሚቀመጠው ሰው እናንተ ሳትሆኑ ሌላ ሰው ነው። የጣላችሁትን ጥርጣሬ በምን እንደጣላችሁት ጻፉ፤ ያለ ምክንያት የተጣለ ጥርጣሬ ተመልሶ ይመጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ “ትክክለኛው መልስ ይህ ነው” ብላችሁ ስትጽፉ መልሱ ከየት እንደመጣ ከጎኑ አስፍሩ። እኛ ሦስት ምሽት ኮዱን ስንመረምር ከርመን በአራተኛው ምሽት የመረመርነው መጽሐፉን ነው።

የፋይሉ የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፦ “ሰንጠረዡ ለማተሚያ ቤት ተልኳል። ቀጥሎ፦ ከ1792 በፊት ያሉ ቀናት ሲጨመሩ የፈረንጁ ምንጭ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ይታይ።” እንዲህ ያልነው ከ1582 በፊት ያሉ ቀናት በፈረንጅ መጻሕፍት የሚጻፉት በዩልዮስ ሲሆን ፓይተን ግን ሁሉንም በጎርጎርዮስ ስለሚቆጥር ነው። የዘርዐ ያዕቆብን ደብረ ብርሃን በሰንጠረዡ ላይ ልንጨምር ስናስብ ያ ጥያቄ ይጠብቀናል።

እቤታችሁ ያለ አሮጌ ደብዳቤ ወይም የአያት ማስታወሻ ላይ ከ1893 በፊት የሆነ፣ ዕለቱም አብሮ የተጻፈበት ቀን ካለ በኮሜንት ላይ ቀኑንና ዕለቱን ብቻ አስፍሩልኝ። ለሰንጠረዡ ተጨማሪ ምስክር ይሆነናል።

ቸር ሰንብቱ።